በጨነቅ ከፍታ የሚወጣና የሚገባ ሙቀት

ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ሊይዝ ይችላል፤ አንዱ ለሌሊቱ ብርድ የእጅ ማሞቂያ፣ ሌላው ለወለምታ የቅጽበት ማቀዝቀዣ። ሁለቱም ያለ እሳት ይሠራሉ። ልዩነታቸው ሙቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ሙቀት ሰጪ (ኤክሶተርሚክ) በሆነው ሂደት ሙቀት ወደ አካባቢው ይወጣል፤ ሙቀት ወሳጅ (ኢንዶተርሚክ) በሆነው ደግሞ ከአካባቢው ይገባል። ከፍታ ግን ሁለቱን እኩል አይነካቸውም።

የእጅ ማሞቂያው የብረት ብናኝ፣ ጨው፣ ውኃና የከሰል ዱቄት ይዟል። ማሸጊያው ሲቀደድ አየር ይገባና ብረቱ ይዝጋል፤ በቀላሉ ሲጻፍ፦

4Fe + 3O2 → 2Fe2O3

አንድ ግራም ብረት ሙሉ በሙሉ ሲዝግ 7.4 ኪሎጁል ገደማ ይለቃል። 15 ግራም ብረት ስለዚህ 110 ኪሎጁል ያህል አለው፤ በ10 ሰዓት ቢከፋፈል 3 ዋት መሆኑ ነው። በስሜን ተራሮች ያለው ጨነቅ ካምፕ በ3,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው፤ ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ይሳሳል። የዝገቱ ፍጥነትም በዚሁ መጠን ቢቀንስ 3ቱ ዋት 2 ይሆናል፣ 10ሩ ሰዓት ግን 15 ይደርሳል። ጠቅላላ ሙቀቱ አልጎደለም፤ የዘገየው አወጣጡ ነው። ብዙዎች «ተበላሽቷል» ብለው የሚጥሉት እንዲህ የዘገየውን ይመስለኛል። ጠባብ ጫማ ውስጥ ሲወተፍም አየር አጥቶ ይቀዘቅዛል። አውጥቶ ማራገፍ ብዙ ጊዜ ያነቃዋል፤ ጠጥሮ ድንጋይ ከመሰለ ግን ብረቱ አልቋል።

ማቀዝቀዣው አየር አይፈልግም። በውስጡ የውኃ ከረጢት አለ፤ በእጅ ሲጨመቅ ይፈነዳና ውኃው ዙሪያውን ያለውን አሞኒየም ናይትሬት ወይም ዩሪያ ያሟሟል። ዩሪያው ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ያው ነው። 60 ግራም ዩሪያ በ200 ሚሊሊትር ውኃ ሲሟሟ 14 ኪሎጁል ያህል ይወስዳል፤ ድብልቁም 15 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። «ቅዝቃዜ ወጣ» ማለት ግን ስህተት ነው፤ የወጣ ነገር የለም፣ ሙቀት ነው የገባው፣ መጀመሪያ ከውኃው ከራሱ፣ ቀጥሎ ካበጠው ቁርጭምጭሚት። ሙቀት እየወሰደም በራሱ የሚሄደው በክሪስታል ተደርድረው የነበሩት ሞለኪውሎች በውኃው ውስጥ ሲበተኑ የሥርዓት አልባነት መጠናቸው፣ ኢንትሮፒው፣ ስለሚጨምር ነው።

እዚህ ላይ የሚወስነው መነሻው ሙቀት ነው። ጎንደር ከተማ በ22 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የተጨመቀው ከረጢት 7 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል። በጨነቅ ንጋት በ4 ዲግሪ ያደረው ግን ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል ቆዳን ይጎዳል፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥና ቆዳው መንጣት ሲጀምር ማንሳት ያስፈልጋል።