የዋናተኛን ፍጥነት ከቀዘፋው ማስላት፦ የአንድ ቀመር አጭር ታሪክ

ዛሬ የማወሳው ስሌት በአንድ ማባዛት የሚያልቅ ነው። የዋናተኛ ፍጥነት የሚገኘው በደቂቃ የሚያጠናቅቃቸው የቀዘፋ ዑደቶች ብዛት በአንድ ዑደት በሚጓዘው ርቀት ሲባዛ ነው። ሩጫን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ የእርምጃ ብዛትና የእርምጃ ርዝመት ዓይነት ነው፤ ሆኖም ሯጭ በመሬት ላይ ዱካ ይተዋል፣ ውሃ ግን ዱካ አይይዝም። የታሪኩ ችግር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

አሜሪካውያኑ የሥነ ፍጥረተ አካል ተመራማሪዎች አልበርት ክሬግና ዴቪድ ፔንደርጋስት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት የሦስቱን መጠኖች ዝምድና በሥርዓት መረመሩ። ለዚህም ከዋናተኛው ጋር የተያያዘ ቀጭን ሽቦ እየተሳበ ፍጥነቱን የሚመዘግብ መሣሪያ ተጠቀሙ። ያገኙት ውጤት በአጭሩ ይህ ነው፦ ዋናተኛው የቀዘፋውን ድግግሞሽ ሲጨምር በአንድ ዑደት የሚጓዘው ርቀት እያጠረ ይሄዳል። ያም ሆኖ ፍጥነቱ እስከ አንድ ወሰን ድረስ ያድጋል፤ ከዚያ ወሰን በኋላ ክንዱ ይበልጥ ቢፈጥንም ሰውየው ይዘገያል። እያንዳንዱ ዋናተኛም የራሱ ወሰን አለው።

በውድድር ላይ ግን ሽቦ ማሰር አይቻልም። ስለዚህ ተመልካቹ ከገንዳው ዳር ሆኖ በስቶፕዎች ሁለት ነገሮችን ብቻ ይለካል፤ እነርሱም የታወቀ ርቀት የተዋኘበት ጊዜና ጥቂት ዑደቶች የወሰዱት ጊዜ ናቸው። የዑደቱ ርቀት በቀጥታ አይለካም፣ ፍጥነትን ለድግግሞሽ በማካፈል የሚገኝ ነው። እኔ በዚህ ነጥብ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ፤ ድግግሞሹን ስንቆጥር የሠራነው ስሕተት በሙሉ ወደ ርቀቱ ይተላለፋልና።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በ50 ሜትር ገንዳ በነጻ ቀዘፋ የሚዋኝ ሰው ከ15ኛው ሜትር እስከ 45ኛው ሜትር ያለውን 30 ሜትር በ18 ሰከንድ አለፈ እንበል። ፍጥነቱ በሰከንድ 1.67 ሜትር ይሆናል። ቀኝ እጁ ውሃ ውስጥ ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ ሦስት ሙሉ ዑደቶች 3.6 ሰከንድ ከወሰዱ፣ አንዱ ዑደት 1.2 ሰከንድ ነው፤ ይህም በደቂቃ 50 ዑደት ማለት ነው። 1.67ን በ1.2 ስናባዛ በአንድ ዑደት 2 ሜትር ያህል እናገኛለን።

እኔ ራሴ በተማሪነቴ የሠራሁት ስሕተት የመጀመሪያውን የእጅ መግባት «አንድ» ብሎ መቁጠር ነበር። እንዲህ የቆጠረ ሰው «ሦስት» ሲል ያለፉት ሁለት ዑደቶች ብቻ፣ ጊዜውም 2.4 ሰከንድ ነው። ድግግሞሹ 75 ሆኖ ይወጣል፣ የዑደቱ ርቀትም ወደ 1.33 ሜትር ይወርዳል። መቁጠር የሚጀመረው ከዜሮ ነው፤ ሦስት ዑደት አራት የእጅ መግባቶችን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ ስውር ነው። ያው ዋናተኛ ግድግዳውን ገፍቶ የመጀመሪያዎቹን 8 ሜትሮች ሳይቀዝፍ በ4 ሰከንድ ተንሸራትቶ፣ ቀሪውን 42 ሜትር በ21 ዑደት ጨረሰ እንበል። አንድ ሰው 50ን ለ21 ቢያካፍል 2.38 ሜትር ያገኛል፤ መንሸራተቱ በቀዘፋ ስም ተመዘገበ ማለት ነው። ማጋለጫው ቀላል ነው። 2.38ን በደቂቃ 50 ዑደት ስናባዛ በሰከንድ 1.98 ሜትር ይሆናል፤ ሰዓቱ ግን መላው ርዝመት 29.2 ሰከንድ እንደወሰደ ይናገራል፣ ይህም በሰከንድ 1.71 ሜትር ነው። ብዜቱና ሰዓቱ ካልተስማሙ፣ የተሳሳተው ሰዓቱ ሳይሆን ርቀቱ የተቆጠረበት መንገድ ነው።

ክሬግና ሌሎች ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ጥናት የ1976ቱንና የ1984ቱን የአሜሪካ ኦሊምፒክ ማጣሪያዎች አነጻጽሯል። በአብዛኞቹ ውድድሮች ፍጥነቱ ያደገው የአንድ ዑደት ርቀት ስለረዘመ ሲሆን፣ ድግግሞሹ ግን ቀንሶ ነበር። ይህን «ቀዘፋህን አርዝም፣ ትፈጥናለህ» ብሎ መተርጎም ያጓጓል። በእኔ ግምት ግን ቀመሩ ያን ያህል አይናገርም። ርቀቱ የወጣው ከፍጥነቱ ነውና፣ በተሻለ ጉልበትም ሆነ በተሻለ የሰውነት አቀማመጥ የፈጠነ ሰው ድግግሞሹን እስካልጨመረ ድረስ በስሌቱ ላይ ቀዘፋው መርዘሙ የግድ ነው። ምክንያቱን ለመለየት ያንኑ ዋናተኛ፣ ድግግሞሹን ሆን ብሎ እንዲለዋውጥ እያደረጉ፣ ደጋግሞ ማስዋኘት ያስፈልጋል፤ የ1979ኙ ጥናት ያደረገውም ይህንኑ ነበር።