ስም የወጣለት ብር እና ስም የሌለው ብር

መርካቶ ዱባይ ተራ ገብታችሁ ከውጭ የመጣ ሱሪ ስትገዙ፣ ከከፈላችሁት ዋጋ ውስጥ የተወሰነው ብር ቀድሞ መንግሥት ቤት ገብቷል። ሱሪው ጉምሩክ ላይ ቀረጥ ተከፍሎበታል፤ ቀረጡም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት የፌዴራል መንግሥት ገቢ ነው። ፌዴራል መንግሥት ከሰበሰበው ላይ ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፣ ክልሎችም ለወረዳዎቻቸው ያከፋፍላሉ። አዲስ አበባ ግን በድጎማ ቀመሩ ውስጥ የለችም። ስለዚህ መርካቶ የዚህ ብር መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለችም። ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ብሩ መንገድ ከጀመረ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ነው። ወረዳ ሲደርስ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ማነው? ላኪው ወይስ ተቀባዩ?

ነገሩን እዚያው መርካቶ እናስረዳ። አንድ ነጋዴ ገጠር ላለው አባቱ ገንዘብ ይልካል እንበል። «አባዬ፣ ለፈለግኸው አድርገው» ብሎ ከላከ ስም የሌለው ብር ነው። «ለቤቱ ቆርቆሮ ብቻ» ብሎ ከላከ ስም ወጥቶለታል። አሁን አባትየው ድሮውንም ቆርቆሮ ሊገዙ ብር አስቀምጠው እንደነበር አስቡ። በልጃቸው ብር ቆርቆሮ ይገዙና በራሳቸው ብር በግ ይገዛሉ። ልጅየው ቤቱ ቆርቆሮ መልበሱን አይቶ ደስ ይለዋል፤ በተግባር የገዛው ግን በግ ነው። የበጀት ሰዎች የመጀመሪያውን ጥቅል ድጎማ፣ ሁለተኛውን ዓላማ ተኮር ድጎማ ይሉታል። የአገራችን የ30 ዓመት የድጎማ ታሪክ በሁለቱ መካከል መመላለስ ነው።

ከሽግግሩ ዘመን እንጀምር። በ1985 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 33 ገቢን በማዕከልና በክልል መካከል ከፈለ። ዋና ዋናዎቹ የገቢ ምንጮች ማዕከል ስለቀሩ ክልሎች ያለ ድጎማ መቆም አይችሉም ነበር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 ደግሞ የድጎማውን ክፍፍል የመወሰን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጠ። ምክር ቤቱ ቀመር ያወጣል፤ ድጎማው በጥቅል ይሄዳል፤ የክልሉ ምክር ቤት ለትምህርትም ለመንገድም እንደፈቀደ ይመድበዋል። በወረቀት ላይ ሙሉ ነጻነት ነው።

በተግባር ግን ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አሠራር ነበር፤ ተቀናሽ። አንድ ክልል በቀመሩ መሠረት 100 ሚሊዮን ብር ይደርሰዋል እንበል። አንድ የውጭ ለጋሽ መጥቶ በክልሉ ውስጥ 20 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የጤና ፕሮጀክት ቢጀምር፣ ማዕከሉ ያንን 20 ሚሊዮን ከድጎማው ቀንሶ 80 ይሰጣል። ምክንያቱ ፍትሐዊነት ነው፤ ለጋሾች የሚወዱት ክልል ከሌሎቹ አብልጦ እንዳይወስድ። ውጤቱን ግን ተመልከቱ። የክልሉ ድምር ያው 100 ነው። ከዚህ ውስጥ 20ው ግን ስም ወጥቶለታል፤ ክልሉ መምህር ሊቀጥርበት የነበረው ብር በለጋሹ ምርጫ ክሊኒክ ሆኗል። ለጋሹም ያንን ክልል የረዳ መሰለው እንጂ ለክልሉ የጨመረለት ብር የለም፤ የተረፈው 20 ሚሊዮን ማዕከል ቀርቷል። ክልሎች እንዲህ ያለውን እርዳታ ለመቀበል ዳተኛ ቢሆኑ አይገርመንም።

ቀጣዩ እርምጃ በ1994 ዓ.ም. መጣ። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ደቡብና ትግራይ ጥቅል ድጎማውን እስከ ወረዳ ማውረድ ጀመሩ። ከዚያ በፊት የትምህርቱም የግብርናውም በጀት በየቢሮው መስመር ከላይ ተወስኖ ይመጣ ነበር። አሁን የወረዳው ምክር ቤት ራሱ እንዲመድብ ተባለ። ጥሩ ዜና ነው። ችግሩ ከብሩ ጋር የመምህሩ፣ የጤና ሠራተኛውና የግብርና ባለሙያው ደመወዝም አብሮ መውረዱ ነው። 10 ሚሊዮን ብር የደረሰው ወረዳ ለደመወዝ 8 ወይም 9 ሚሊዮን ቢያስፈልገው፣ ምክር ቤቱ በእውነት የሚወያየው በቀረችው ላይ ነው። ደመወዝ መቀነስ አይቻልም፤ የደመወዙን እርከን የሚወስነውም ወረዳው አይደለም። ስም የሌለው ብር ወረዳ ሲደርስ ስሙ ደመወዝ ሆኖ ተገኘ። የሚቆረጠው ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ጠመኔ፣ መድኃኒት፣ የሞተር ብስክሌት ነዳጅ፣ የውኃ ፓምፕ ጥገና።

ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ለማዕከሉ በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ ሲያቋርጡም ጥቅል ድጎማው አልቆመም። በ1998 ዓ.ም. ፒቢኤስ የተባለው ፕሮግራም መጣ። የለጋሾቹ ብር ለመሠረታዊ አገልግሎቶች ተብሎ ስም ወጣለት፣ ከዚያ ግን እዚያው ጥቅል ድጎማ ውስጥ ተቀላቀለ። ለጋሾቹ የቆርቆሮውንና የበጉን ነገር ያውቁት ነበር። ስለዚህ መንግሥት ከራሱ ኪስ ለክልሎች የሚሰጠውን እንዳይቀንስ ቅድመ ሁኔታ አስገቡ። ማለትም ብሩ የት ዋለ ከማለት ይልቅ የአንተ ብርስ ቀነሰ ወይ ብለው ጠየቁ።

ማዕከሉ ግን ወረዳዎች በጥቅሉ ብር መንገድና የውኃ ተቋም እንዳልገነቡ አየ። በ2004 ዓ.ም. ለምዕተ ዓመቱ የልማት ግቦች ማስፈጸሚያ የሚል አዲስ ድጎማ ለክልሎች መመደብ ጀመረ። ይህ ለግንባታ ብቻ የሚውል፣ ስም የወጣለት ብር ነው። የገጠር መንገዶች በብዛት የተሠሩት በእርሱ ነው። በኋላ ስሙ ዘላቂ የልማት ግቦች ሆነ። በ2008 በጀት ዓመት ለክልሎች ከተያዘው ወደ 77 ቢሊዮን የሚጠጋ ጥቅል ድጎማ ጎን 12 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት ነበር። በ2013 ጥቅሉ ወደ 176 ቢሊዮን ሲያድግ እርሱ ወደ 6 ቢሊዮን ወርዷል።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ብሮች የሚጣሉት። ስም የወጣለት ብር ጤና ጣቢያ ይገነባና ይሄዳል። ነርሷን የሚቀጥረው፣ መድኃኒቱን የሚገዛው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ጣሪያውን የሚጠግነው ግን ያው በደመወዝ የተያዘው ጥቅል ብር ነው። ወረዳው አዲሱን ጤና ጣቢያ ባገኘ ቁጥር ነጻ ብሩ ይጠባል። መንገዱም እንዲሁ ነው፤ በተሠራ በዓመቱ ክረምት ይመጣል፣ የጎርፍ መውረጃው ይደፈናል፣ ለጥገና የተያዘ ብር ይፈለጋል።

ስለዚህ እኛ አንድ ድጎማ ሠራ አልሠራ ለማለት ምርቃት ላይ የተቆረጠውን ሪባን አናይም። ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ብሩ ከመጣ በኋላ ወረዳው ለዚያው ሥራ ከራሱ የሚያወጣው ቀነሰ ወይ? ከቀነሰ በግ ተገዝቷል ማለት ነው፤ በጉ መጥፎ ነው ማለታችን ግን አይደለም፣ ወረዳው ከማዕከሉ ይልቅ የሚያስፈልገውን አውቆ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የተገነባውን የሚያስኬደው ብር በየትኛው ኪስ ተያዘለት? በየትኛውም ካልተያዘ፣ ማዕከሉ የወረዳውን የመጪ ዓመታት ውሳኔ ሳይጠይቀው ወስኖለታል።

ጥቅል ወይስ ዓላማ ተኮር የሚለው ክርክር የሚያስኬደን እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። መለያውን ላኪው ይለጥፋል፤ እጅን የሚያስረው ግን ከመለያው በፊት የተገባው ግዴታ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ዱባይ ተራ ስትከራከሩ፣ ከሱሪው ዋጋ ላይ የሄደችው ቀረጥ አንድ ወረዳ ምክር ቤት ጠረጴዛ ላይ ደርሳ፣ ገና ስብሰባው ሳይከፈት አልቃ ሊሆን እንደሚችል አስቡ።