የግል የተልዕኮ መግለጫ

ሰው በሥራ፣ በቤተሰብና በገንዘብ ጉዳይ ሲወስን የሚመራበት፣ አስቀድሞ የጻፈው ቃል ነው። ሐሳቡ ስቲቨን ኮቪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ታወቀ። «ጥሩ አባት እሆናለሁ» የሚል መግለጫ አይሠራም፤ የሚከለክለው ነገር የለምና።

አንድ የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ «የሱቁ ገንዘብ ለሱቅ፣ የእቁቡ ለልጆቼ ትምህርት» ብሎ ጻፈ እንበል። እቁብ በደረሰው ሳምንት አከፋፋዩ ርካሽ ጣቃ እጅ በእጅ ያቀርብለታል። ነጋዴው የሱቁ ገንዘብ የቻለውን ያህል ገዝቶ ሌላውን ይተዋል። «ቶሎ እመልሰዋለሁ» ብሎ እቁቡን ከነካ ግን ጣቃው በዱቤ ይወጣል፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ገንዘቡ ገና በደንበኞች እጅ ነው።

መግለጫው መሥራቱ የሚታወቀው ሰው አጓጊ ትርፍ እንዲተው ሲያደርግ ነው። ባልና ሚስት አብረው ካልጻፉት ደግሞ የቤቱን ወጪ አይገዛም።