የአጎቴ ስጋጃ ስንት ዓመቱ ነው?

ወላይታ ሶዶ ብትሄዱ ዱንጉዛ ታያላችሁ። ዱንጉዛ በድርና በማግ የሚሸመን ጨርቅ ነው፤ ቋጠሮ የለውም። በእጅ የሚቋጠር ስጋጃ ግን ድርና ማግ ብቻ አይበቃውም። ሠሪው አጫጭር የሱፍ ክሮችን በሁለት ሁለት ድር ላይ አንድ በአንድ ይቋጥራል። ላይ የምንረግጠው ጸጉር የእነዚህ ክሮች ጫፍ ነው።

ሶዶ የሚኖረው አጎቴ እንዲህ ዓይነት ስጋጃ አለው። «ከአፄ ቴዎድሮስ በፊት የተሠራ ነው» ይላል፤ ሊሸጠውም አስቧል። እስቲ እንፈትሸው።

መጀመሪያ ገልብጠን 10 ሴንቲ ሜትር ለካን። የአክስቴ ልጅ ወደ ጎን 64 እብጠት ቆጠረና በደስታ ጮኸ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? በዚህ ዓይነቱ አቋጣጠር አንድ ቋጠሮ ከጀርባ ሁለት እብጠት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ቋጠሮው 32 ነው። ወደ ላይ 36 አገኘን፤ 32 በ36 ሲባዛ 1152 ይሆናል። ሳይቤሪያ ውስጥ ከበረዶ መቃብር በ1949 የተገኘው የፓዚሪክ ስጋጃ ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በዚያው ስፋት ላይ ግን 3600 ያህል ቋጠሮ አለው። እንግዲህ ብዛቱ የሠሪውን ልፋት እንጂ ዕድሜን አይነግረንም።

መጎዳቱስ? መሃሉ ተልጦ ድሩ ይታያል። ይህም ቢሆን ስንት እግር እንደረገጠው እንጂ ስንት ዓመት እንደቆየ አይናገርም፤ በር ላይ የተነጠፈ ስጋጃ በጥቂት ዓመት ያልቃል። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው፦ ጥቁሩ ሱፍ ከቀዩ ይልቅ ዝቅ ብሏል። በድሮው አሠራር ጥቁር ለማውጣት የብረት ጨው ይጨመር ነበር፤ ብረቱ ደግሞ ሱፉን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ጥሩ ምልክት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ፍርዱን የሰጠን ብርቱካንማው ቀለም ነው። ጸጉሩን በጣት ከፈልነው፤ ጫፉ ግራጫ ሆኗል፣ ሥሩ ግን ደማቅ ነው። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ስንጫነው ጨርቁ ተነካካ። የተፈጥሮ ቀለምም በደንብ ካልታጠበ ሊለቅ ይችላል፤ ግን ጫፉ እንዲህ ሞቶ ሥሩ እንዲህ መጮሁ የጥንቶቹ ፋብሪካ ቀለሞች ጠባይ ነው። ፐርኪን የመጀመሪያውን የታወቀ ሰው ሠራሽ ቀለም ያገኘው በ1856 ነው፤ አዞ የሚባሉት ብርቱካንማዎች ገበያ የወጡት ደግሞ በ1870ዎቹ። አፄ ቴዎድሮስ የሞቱት በ1868 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

«ምናልባት ኋላ ተጠግኖ ይሆናላ!» አለ አጎቴ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጥገና ከሆነ ቀለሙ የሚነግረን የጥገናውን ዘመን ብቻ ነው። ከጀርባ ስናየው ግን ብርቱካንማው ከዳር እስከ ዳር በየአበባው ውስጥ አለ፤ የተቋረጠ ድርም የለም።

ሰማያዊውን አልነካነውም። ከተክል የመጣው ኢንዲጎና ከ1897 ጀምሮ ፋብሪካ የሸጠው ኢንዲጎ ዋናው ሞለኪውላቸው አንድ ስለሆነ በዓይንም በእርጥብ ጨርቅም አይለዩም።

አጎቴ ስጋጃውን አልሸጠም። «ከቴዎድሮስ በፊት» የሚለውን ግን ትቶታል።