አንካራ እና ኢስታንቡል በስፋት፣ በሕዝብ ብዛት እና በተግባር

የአንድ አገር ዋና ከተማ ሁልጊዜ የአገሪቱ ትልቁ ከተማ ላይሆን ይችላል። በቱርክ ዋና ከተማዋ አንካራ ስትሆን፣ በሕዝብ ብዛት ቀዳሚዋ ኢስታንቡል ናት። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ከተሞች አነጻጽረው የትምህርት ቤት ሪፖርት ለሚያዘጋጁ ተማሪዎችና ለመምህራን ቀርቧል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ስፋት

የአንካራ ክፍለ ሀገር ወደ 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የኢስታንቡል ደግሞ ወደ 5,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አላቸው። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በኢስታንቡል ከ2004፣ በአንካራ ከ2014 ጀምሮ የማዘጋጃ ቤቱ የአስተዳደር ወሰን ከክፍለ ሀገሩ ወሰን ጋር አንድ ሆኗል። ስለዚህ እንደ ፖላትሊና ሃይማና ያሉ ስንዴ አምራች ወረዳዎች ከነእርሻ መሬታቸው በአንካራ ስፋት ውስጥ ይቆጠራሉ። አኃዙ የሚያሳየው የሚተዳደረውን መሬት እንጂ በቤትና በመንገድ የተሸፈነውን ከተማ አይደለም።

2. የሕዝብ ብዛት

በ2023 መጨረሻ በኢስታንቡል ወደ 15.7 ሚሊዮን፣ በአንካራ ወደ 5.8 ሚሊዮን ነዋሪዎች ተመዝግበዋል። የሕዝብ ብዛቱ ለስፋቱ ሲካፈል በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በኢስታንቡል ወደ 2,960፣ በአንካራ ወደ 230 ሰው ይደርሳል። ይህ ስሌት ትክክል የሚሆነው ስፋቱና የሕዝብ ብዛቱ ከአንድ ወሰን የተወሰዱ ሲሆኑ ነው። የመሐል ከተማውን ሕዝብ ለክፍለ ሀገሩ ስፋት ማካፈል የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።

3. ተግባር

ኢስታንቡል ከ1453 ጀምሮ ለአራት መቶ ተኩል ዓመታት ያህል የኦቶማን መንግሥት መዲና ነበረች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሸናፊዎቹ ኃያላን በመያዟ፣ የነጻነት ንቅናቄው መሪዎች ከባሕር ርቃ በምትገኘውና የባቡር ሐዲድ በነበራት አንካራ ተሰባሰቡ። ምክር ቤቱ ሚያዝያ 1920 በዚያ ተከፈተ፤ ጥቅምት 13 ቀን 1923 አንካራ በሕግ ዋና ከተማ ሆነች።

ዛሬ የአገሪቱ ምክር ቤት፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና የውጭ አገር ኤምባሲዎች፣ የኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የሚገኙት በአንካራ ነው። የአክሲዮን ገበያው፣ ታላላቅ የንግድ ድርጅቶችና ወደቦች ግን በኢስታንቡል ናቸው። ጥቁር ባሕርን ከማርማራ ባሕር የሚያገናኘው የቦስፎረስ የባሕር ወሽመጥ ከተማዋን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ መንግሥት ቢዛወርም ንግዱ አብሮ አልሄደም።

ስለሆነም በሪፖርቱ መደምደሚያ «ትልቁ ከተማ የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲሰጥ መለኪያው አብሮ መገለጽ ይኖርበታል፤ በአስተዳደር ስፋት አንካራ፣ በሕዝብ ብዛትና በንግድ ኢስታንቡል ይበልጣሉ።