አንድ ስኳር ፋብሪካ፣ ብዙ ኮድ፦ ከወንጂ እስከ ጣና በለስ

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ይረዝማል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት።

ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ አሁን የመረጃ ሥራ ላይ ነው። በቀደም በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ ስለ አንድ ስኳር ፋብሪካ ሁለት ሰነድ አለኝ። አንዱ ላይ ኮዱ 1072 ይላል፣ ሌላው ላይ 10.81። የቱ ነው የተሳሳተው?»

አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ግን ለምን እንደሚለያዩ ለማወቅ ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። (የውጭዎቹን ዓመታት በእ.ኤ.አ.፣ የእኛን በዓ.ም. ነው የምጽፈው።)

የተባበሩት መንግሥታት የምጣኔ ሀብት ምክር ቤት በ1948 አገሮች ኢኮኖሚያቸውን በአንድ ቋንቋ እንዲቆጥሩ አንድ የኢንዱስትሪ ምደባ አጸደቀ። በአጭር ስሙ አይሲክ ይባላል። እያንዳንዱ የሥራ ዓይነት ቁጥር ተሰጠው። እኛ አገር ደግሞ በ1943 ዓ.ም. ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ ወደ አዋሽ ሸለቆ መጣ። ኩባንያው ቀድሞ በኢንዶኔዥያ ትልልቅ እርሻዎች የነበሩት ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት ጀመረ።

ልብ በሉ፣ ኤችቪኤ ወንጂ ላይ ፋብሪካ ብቻ አይደለም የሠራው። መሬቱን አለማ፣ አገዳ ተከለ፣ አጠጣ፣ አስቆረጠ፣ ከዚያ በራሱ ወፍጮ ፈጭቶ ስኳር አወጣ። ማሳውም ፋብሪካውም የአንድ ድርጅት ነበሩ። እና ይሄ ድርጅት ገበሬ ነው ወይስ አምራች ኢንዱስትሪ? የኮዱ ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን እንይ፤ ቁጥሩ በራሱ በየጊዜው ተቀይሯል። ስኳር ፋብሪካ በአይሲክ የድሮ መዝገብ 207 ነበር። በ1968ቱ እትም 3118 ሆነ። በ1990 በታተመው ሦስተኛ እትም 1542፣ በ2008ቱ አራተኛ እትም ደግሞ 1072። ስኳሩ ያው ስኳር ነው፤ የተቀየረው መደርደሪያው ነው። ስለዚህ አንድ የድሮ ሪፖርት ላይ 1542 ካያችሁና አዲሱ ላይ 1072 ካያችሁ፣ ፋብሪካው ሥራ ቀየረ ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የአውሮፓ ኅብረት ናሴ የሚባል የራሱ ምደባ አለው። ናሴ እስከ ሁለተኛው አሃዝ ድረስ ከአይሲክ ጋር አንድ ነው፤ 10 በሁለቱም ምግብ ማምረት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የራሱን መንገድ ይሄዳል። በናሴ ስኳር 10.81 ነው። ወጥመዱ የት እንዳለ ታያላችሁ? 1072 በአይሲክ ስኳር ሲሆን፣ 10.72 በናሴ ብስኩትና የመሳሰሉት ደረቅ ምግቦች ናቸው። ነጥቡን አጥፍቶ የሁለቱን ሰንጠረዥ ያገናኘ ሰው ስኳር ፋብሪካውን ብስኩት ፋብሪካ ያደርገዋል። ኮምፒውተሩም ስህተት ነው አይልም፤ ሁለቱም እውነተኛ ኮዶች ናቸውና።

አሜሪካኖቹ ደግሞ ድሮ የአገዳ ስኳሩን ለሁለት ከፍለውት ነበር፤ አገዳ ፈጭቶ ጥሬ ስኳር የሚያወጣው 2061፣ ጥሬውን የሚያጣራው 2062። እነሱ ዘንድ ሁለቱ ሥራ ብዙ ጊዜ በተለያየ ቦታ ስለሚሠራ ነው፤ ወፍጮው አገዳው አጠገብ፣ ማጣሪያው ወደብ ላይ። በ1997 ኔይክስ የሚባለውን አዲስ ምደባ ሲያወጡም ክፍፍሉ ቀጠለ። በ2012 ግን ሁለቱን ጨፍልቀው 311314 አሏቸው። እንደ ወንጂ ከአገዳው በቀጥታ ነጭ ስኳር ለሚያወጣ ፋብሪካ የድሮው ክፍፍል ልኩ አልነበረም።

እስካሁን ያየነው የቁጥር ልዩነት ነው፤ ማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ይፈታዋል። ሰንጠረዥ የማይፈታው የማሳውና የፋብሪካው ነገር ነው። እዚህ ላይ ምደባዎቹ የሚለያዩት በቁጥር ሳይሆን በደንብ ነው።

የአይሲክ ሦስተኛው እትም፣ አንድ ድርጅት የራሱን ምርት ራሱ እያቀነባበረ እስከ መጨረሻ ከወሰደው፣ በመጨረሻው ምርት ይመደብ ይል ነበር። በዚህ ደንብ ወንጂ ያለ ክርክር ስኳር አምራች ነው። አራተኛው እትም ግን ይህን ደንብ ቀየረው፤ ከሥራዎቹ መካከል ትልቁን ተጨማሪ እሴት የፈጠረው የትኛው ነው ብላችሁ መድቡ አለ።

በምሳሌ እንሥራው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል እኔ ያወጣኋቸው ናቸው፤ የማንም ፋብሪካ ሂሳብ አይደሉም። ድርጅቱ በዓመት የ1000 ሚሊዮን ብር ስኳር ሸጠ እንበል። አገዳውን በሙሉ ራሱ አመረተ፤ ከሌላ ቢገዛው ኖሮ 600 ሚሊዮን ያወጣበት ነበር። ለማሳው ማዳበሪያ፣ ነዳጅና ሌላ ግብዓት 200 ሚሊዮን አወጣ። ለፋብሪካው ደግሞ ከአገዳው ሌላ ኖራ፣ ድኝ፣ ጆንያ፣ መለዋወጫ 150 ሚሊዮን።

የማሳው ተጨማሪ እሴት 600 ሲቀነስ 200፣ ማለትም 400 ሚሊዮን ነው።
የፋብሪካው ተጨማሪ እሴት 1000 ሲቀነስ 600 ሲቀነስ 150፣ ማለትም 250 ሚሊዮን ነው።

400 ከ250 ይበልጣል። ስለዚህ አንዲት ኪሎ አገዳ ገበያ ያላወጣው፣ ሽያጩ መቶ በመቶ ስኳር የሆነው ድርጅት፣ በአራተኛው እትም ኮዱ 0114 ይሆናል፤ አገዳ ማልማት፣ ማለትም ግብርና!

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ድርጅቱ ከአገዳው ሰባ በመቶውን ከአካባቢው አገዳ አብቃይ ገበሬዎች ይግዛ፤ ወንጂ ዙሪያ እንዲህ ዓይነት ማኅበራት አሉ። የራሱ አገዳ ዋጋ 180 ይሆናል፣ የማሳ ወጪው 60፤ የማሳው ተጨማሪ እሴት ወደ 120 ይወርዳል። የፋብሪካው 250 ባለበት ነው። ኮዱ ወደ 1072 ተገለበጠ። ወፍጮው ያው፣ ስኳሩ ያው፣ ጭስ ማውጫው ያው።

ደካማ ጎኑ የቱ ጋ ነው ካላችሁ፣ 600 ያልኩት ላይ ነው። አገዳው ካልተሸጠ ዋጋው ግምት ነው። ግምቱን ወደ 500 ብታወርዱት ማሳው 300፣ ፋብሪካው 350 ይሆንና ኮዱ ይገለበጣል። ለዚህ ነው ዋጋው በማይታወቅበት ጊዜ ሌላ መለኪያ መጠቀም የሚፈቀደው፤ የሠራተኛ ቁጥር ወይም የሥራ ሰዓት። አውሮፓውያን በናሴ መመሪያቸው ወይን ተክሎ ከራሱ ወይን ጠጅ ለሚጠምቅ ሰው የሥራ ሰዓትን ይጠቁማሉ፤ ውጤቱም አብዛኛውን ጊዜ ግብርና ነው። ስንት ሰው ማሳ ላይ እንደሚውልና ስንት ሰው ፋብሪካ ውስጥ እንደሚውል የሚያውቅ ሰው፣ አገዳውም ወደዚያው ሊያደላ እንደሚችል ይገባዋል።

ኔይክስ ከዚህ ጭቅጭቅ የሚያመልጥበት መንገድ አለው። ድርጅቱን ሳይሆን የሥራ ቦታውን ነው የሚመድበው። ማሳውና ፋብሪካው ለየብቻ የሚለይ መዝገብ ካላቸው፣ ማሳው 111930፣ ፋብሪካው 311314 ይይዛሉ። በሌላ ጫፍ በ1999 ለአክሲዮን ገበያ ባለሀብቶች የወጣው ጊክስ አለ። እሱ ኩባንያውን በሙሉ አንድ አድርጎ፣ በዋናነት በገቢው ያየዋል። ገቢው ስኳር ነውና አምራች ይለዋል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ግን 30202010 የሚለው የግብርና ምርቶችና አገልግሎቶች መደቡ የእርሻ ባለቤቶችንም፣ ምግብ አቀነባብረው በራሳቸው ማሸጊያ ለሸማቹ የማያቀርቡትንም ይይዛል። በጆንያ በጅምላ የሚሸጥ ስኳር ፋብሪካ እዚያ ይገባል።

የእኛስ ንግድ ፈቃድ? የፈቃድ መስጫ መደቦቻችን መሠረታቸው አይሲክ ነው፤ ጥያቄያቸው ግን ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ የሚሰጠው በሥራ መስክ ነው። ስለዚህ አንድ ድርጅት ብዙ ኮድ ሊይዝ ይችላል። የፈቃድ ኮድ የሚነግራችሁ ምን እንዲሠራ እንደተፈቀደለት ነው፤ በዋናነት ምን እንደሚሠራ አይደለም።

ይሄ ለእኛ ለመተከል ሰዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። ጃዊ ያለው ጣና በለስ ጎረቤታችን ነው። ሲታቀድ እያንዳንዳቸው በቀን 12 ሺህ ቶን አገዳ የሚፈጩ ሦስት ፋብሪካዎች ነበሩ። አገዳው ተተከለ፣ ፋብሪካው ግን ዓመታት ዘገየ፤ አገዳው ማሳ ላይ አርጅቶ የተመነጠረበት ጊዜም ነበር። በእነዚያ ዓመታት ፕሮጀክቱ በስሙ ስኳር ፋብሪካ ነበር፤ የሚሠራው ሥራ ግን አገዳ መትከልና ግንባታ ነበር። በስሙ የመደበው ሰው ስኳር የማያመርት የስኳር ኢንዱስትሪ ይቆጥራል።

ዋናው የሠራተኛው ቁጥር ነው። ድርጅቱ 1072 ከተባለ አገዳ ቆራጩ ልጅም የማኑፋክቸሪንግ ሠራተኛ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። 0114 ከተባለ ደግሞ ቦይለር ላይ የሚሠራው ቴክኒሺያን ሳይቀር ወደ ግብርና ይሄዳል። አንድም ሰው ሥራ ሳይቀይር፣ በወረቀት ላይ ኢንዱስትሪው አደገ ወይም ወደቀ ሊባል ነው። በዚያ ቁጥር ነው ደግሞ ስለ ወጣቶች ሥራ የሚወሰነው።

ስለዚህ ለጠያቂዬ የመለስኩለት ይሄ ነው። ከኮዱ በፊት ሦስት ነገር ፈልግ፦ የየትኛው ምደባ ነው? ስንተኛ እትም? የተመደበው ድርጅቱ በሙሉ ነው፣ አንድ የሥራ ቦታ ነው፣ ወይስ ፈቃድ? ሦስቱ ያልተጻፉበትን ቁጥር ከሌላ ሰነድ ጋር አታወዳድር። የእሱ ሁለት ሰነዶች አንዱ በአይሲክ፣ ሌላው በናሴ የተጻፉ ነበሩ፤ ሁለቱም ስኳር ነው የሚሉት። የቀረው ሥራ እዚያ የተቆጠሩት ሠራተኞች ከማሳ ናቸው ወይስ ከፋብሪካ የሚለውን ማጣራት ነው፤ እሱን ኮዱ አይነግረውም፣ የደመወዝ መዝገቡን ማየት አለበት።

ወንጂ፣ መተሐራ፣ ፊንጫ ወይም በለስ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ማሳውና ፋብሪካው ሂሳባቸው ለየብቻ ነበር ወይስ አንድ ላይ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።