ሰማንያ በመቶ የሞላ ሆቴል ስንት የክፍል ሠራተኛ ይፈልጋል? የቼክሊስትና የፈረቃ ምደባ ትስስር

በሆቴሎቻችን የነገው ፈረቃ የሚመደበው በአብዛኛው ከአንድ ቁጥር ተነስቶ ነው። የተያዙት ክፍሎች ይቆጠሩና ለአንድ ሰው ይበቃል በተባለው መጠን ይካፈላሉ፤ የተገኘው ቁጥር በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይወደዋል። ችግሩ፣ የተያዘ ክፍል ሁሉ እኩል ሥራ አለው ብሎ መነሳቱ ነው። ይህ መጣጥፍ የሠራተኛው ቁጥር መነሻ መሆን ያለበት የክፍል ቼክሊስቱ ነው ብሎ ይሞግታል። አንድ ክፍል ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ የሚናገር ሌላ ሰነድ በሆቴሉ ውስጥ የለምና።

ለማሳያ ባለ 120 ክፍል የአዲስ አበባ ሆቴል እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው። ወሩ የካቲት ነው፤ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ከተማዋን በእንግዳ የሚሞላበት ወቅት። ሆቴሉ በጉባኤው መካከል ባለ አንድ ሌሊት 96 ክፍሎቹ ተይዘዋል፤ በመዝጊያው ሌሊትም እንዲሁ 96። በሁለቱም ሌሊት የሞላው 80 በመቶ ነው። ሆቴሉ ለአንድ ሰው 16 ክፍል የሚል ደንብ ካለው በሁለቱም ጠዋት 6 ሠራተኛ ይመድባል።

በመጀመሪያው ጠዋት የሚለቁት እንግዶች 12 ክፍል ብቻ የያዙ ሲሆኑ፣ በ84ቱ ያሉት ይቆያሉ። በሁለተኛው ጠዋት ግን 66 ክፍል ይለቀቃል፤ የሚቆዩት በ30ው ያሉት ናቸው። የሚቆይ እንግዳ ክፍል አልጋ ማንጠፍ፣ ፎጣ መቀየር፣ ቆሻሻ ማውጣትና መታጠቢያ ቤቱን ማጽዳት ይጠይቃል፤ 20 ደቂቃ እንበል። የተለቀቀ ክፍል ደግሞ አንሶላው ሁሉ ተገፎ፣ መሳቢያና ቁምሳጥን ተፈትሾ፣ ሚኒባር ተቆጥሮ፣ ከአልጋ ሥር ተጠርጎ፣ ለአዲስ ሰው እንደገና መሰናዳት አለበት፤ ለዚህ 40 ደቂቃ እንያዝ።

ከ8 ሰዓት ሥራ ማለትም ከ480 ደቂቃ ሁሉም ለክፍል አይውልም። የጠዋቱ ስብሰባና ትሮሊ መሙላት፣ አጭር ዕረፍት፣ ሊፍት መጠበቅና በኮሪደር መመላለስ፣ ማታ ትሮሊውን ባዶ አድርጎ ቁልፍ ማስረከብ በድምሩ 120 ደቂቃ ቢወስዱ፣ በክፍል ውስጥ የሚሠራበት 360 ደቂቃ ይቀራል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጠዋት ሥራ 12 በ40 እና 84 በ20፣ ማለትም 2,160 ደቂቃ ነው፤ ለ360 ሲካፈል ልክ 6 ሰው። ደንቡ ያዋጣል። የሁለተኛው ጠዋት ሥራ ግን 3,240 ደቂቃ ነው፤ የሚፈልገውም 9 ሰው። በዚያ ቀን 6 ሰው ብቻ ከገባ፣ ከትርፍ ሰዓት በቀር እያንዳንዱ ክፍል ከሚገባው ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ያገኛል። የተለቀቀው ክፍል 40 ደቂቃው ወደ 27 ይወርዳል ማለት ነው።

የጎደሉት 13 ደቂቃዎች የሚወሰዱት ከማይታየው ቦታ ነው። የአልጋው ልብስ ወዲያው ስለሚታይ አይነካም። ፀረ ተሕዋሲው ግን በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ሳይቆይ ወዲያው ይጠረጋል፤ ማንቆርቆሪያው ሳይከፈት ውጪው ይወለወላል፤ የሪሞት ኮንትሮሉ ቁልፎች ሳይዳሰሱ ያልፋሉ። ቼክሊስቱ ግን ሙሉ ራይት ተደርጎበት ይመለሳል። በእኔ እምነት ይህን ከሠራተኛው ስንፍና ጋር ማያያዝ አላዋቂነት ነው፤ 27 ደቂቃ ሰጥቶ የ40 ደቂቃ ዝርዝር ማስፈረም ሐሰትን በወረቀት ላይ ማዘዝ ነው።

ስለዚህ ቼክሊስቱ ራሱ የተጻፈበት መንገድ ወሳኝ ይሆናል። «መታጠቢያ ቤቱ ጸድቷል» የሚል ረድፍ ሊፈተሽ አይችልም። «የገላ መታጠቢያው ውኃ መውረጃ ላይ ፀጉር የለም»፣ «የማንቆርቆሪያው ክዳን ተከፍቶ ውስጡ ታይቷል» የሚለው ግን ተከታዩ ሰው ገብቶ እውነት ወይም ሐሰት ሊለው ይችላል። የረድፎቹ ቅደም ተከተልም የሥራው ቅደም ተከተል መሆን አለበት። መጀመሪያ ይንኳኳል፣ መጋረጃ ይከፈታል፣ መብራቱ ሁሉ ይበራል፤ ይህ የተቃጠለ አምፖል ያሳያል። ቀጥሎ አልጋው ይገፈፋል፣ ቆሻሻ ይወጣል፣ ፀረ ተሕዋሲው መታጠቢያ ቤቱ ላይ ይረጫል። እሱ ሥራውን ሲሠራ ሠራተኛዋ አልጋውን ታነጥፋለች፣ አቧራ ከላይ ወደ ታች ትወለውላለች፤ ከዚያ ተመልሳ መታጠቢያ ቤቱን ትጨርሳለች። ወለሉ ከውስጥ ወደ በሩ ይጠረጋል። ዝርዝሩ በዚህ ቅደም ተከተል ካልተጻፈ ሠራተኛዋ በራሷ መንገድ ሠርታ መጨረሻ ላይ በአንድ ትንፋሽ ትፈርምበታለች።

ሌላው የወረቀቱ ጥቅም የገባችበትና የወጣችበት ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ ነው። 20 እና 40 የሚሉት ቁጥሮች ከዚህ ይወጣሉ። የጥቂት ሳምንት መዝገብ ለክፍል ዓይነት ለየብቻ ይደረደርና መካከለኛው ጊዜ ይወሰዳል። የፈጣኗን ሰዓት መለኪያ ማድረግ ሌላውን ሁሉ ወደ መሸዋወድ ይገፋል። ባለ ሁለት አልጋ ክፍልና ስዊት የየራሳቸው ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል።

ወደ 66ቱ እንመለስ። 9 ሰው ያስፈልጋል ማለት ሁልጊዜ 9 ሰው መጠራት አለበት ማለት አይደለም። ሥራውን የሚፈጥረው የትላንቱ ሌሊት ነው፤ ጥድፊያውን የሚፈጥረው ግን የዛሬ ማታ ገቢ ነው። ጉባኤው አልቆ ዛሬ ማታ 20 ገቢ ብቻ ካለ፣ ሆቴሉ አስቀድሞ 24 ባዶ ንጹሕ ክፍል አለው። 6 ሠራተኞች ባላቸው 2,160 ደቂቃ መጀመሪያ የሚቆዩትን 30 ክፍሎች ይሠራሉ፤ 600 ደቂቃ ይወስዳል። በቀሪው 1,560 ደቂቃ ከተለቀቁት 30ውን ሙሉ በሙሉ ያሰናዳሉ፣ 36ቱን ደግሞ በ10 በ10 ደቂቃ ገፍፈው ብቻ ያቆያሉ። ማታ 54 ክፍል ዝግጁ ይሆናል። መግፈፉ ግን ሊዘለል አይገባም፤ እርጥብ ፎጣ ካደረ ይሸታል፣ የተረሳ ዕቃና የተሰበረ ነገርም በዚያው ቀን ካልታየ የማን እንደሆነ ማወቅ ይቸግራል። ለ36ቱ የቀረው 30 በ30 ደቂቃ የነገ ዕዳ ስለሆነ በነገው ስሌት ውስጥ መግባት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸው ነው።

በአንጻሩ ማታ 80 ገቢ ካለ 9 ሰው ግድ ነው፤ ያም ሆኖ ሰዓቱን ማሰብ ያስፈልጋል። እንግዶች እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ካልለቀቁና አዲሶቹ ከ8 ሰዓት ጀምሮ የሚገቡ ከሆነ፣ 9ኙም ጠዋት 1 ሰዓት ሲገቡ ጠዋቱን ሥራ ፈትተው ከሰዓት በኋላ ይጨናነቃሉ። ከነሱ ሦስቱን በ3 ሰዓት ማስገባት ይሻላል። የማታው ፈረቃ በሌላ መለኪያ ይመደባል፤ ዘግይተው የሚለቀቁ ክፍሎች፣ ተጨማሪ ፎጣና ትራስ፣ እንዲሁም ሎቢና ኮሪደር ናቸው ሥራው።

የተመደቡት ቦታዎችና የሚቀጠሩት ሰዎች ቁጥርም አንድ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድባል። በየቀኑ 6 ሰው የሚፈልግ ሆቴል በሳምንት 42 ፈረቃ አለው፤ አንድ ሰው 6 ፈረቃ ስለሚሠራ 7 ሰው ይቀጥራል፤ የዓመት ፈቃድና ሕመም ሳይቆጠሩ።

ምደባው ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በሱፐርቫይዘሩ ፍተሻ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ይይ። ጉድለቱ ከጠዋት እስከ ማታ ተበታትኖ ከተገኘ ጉዳዩ የሥልጠና ነው። የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ላይ ከተከማቸ ግን ደቂቃው አልበቃም ማለት ነውና መታረም ያለበት የፈረቃው ስሌት ነው።